የፒችትሪ መጠባበቂያ ቅጂያችን በእርግጥ እንደሚመለስ እንዴት እንፈትን? በዓመት አንድ ጊዜስ ልምምዱን በምን መልክ እናድርገው?

ባለመደብር_አዳማ (ሚያዝያ 15 ቀን 2018)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መሸጫ መደብር አለኝ፤ ከእኔ ጋር ስድስት ሰዎች እንሠራለን። ሒሳባችንን የምንይዘው በፒችትሪ ሲሆን፣ መረጃው በሒሳብ ሠራተኛችን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሽያጭ ክፍሉ ኮምፒውተር በኔትወርክ ይጠቀምበታል። መጠባበቂያ በሁለት መንገድ እንይዛለን። የመጀመሪያው፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ባለሙያ ያዘጋጀልንና ሌሊት ሌሊት የድርጅቱን ማኅደር ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛችን በየቅዳሜው ከፒችትሪ ከራሱ የምታወጣው ፋይል ሲሆን፣ እርሱን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የጎረቤቴ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ቅጂው አልከፈት ስላለው፣ የዘጠኝ ወር ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና እየተመዘገበ ነው። እኔም ቅጂዎቼን አንድም ቀን መልሼ አይቻቸው እንደማላውቅ የተገነዘብኩት ያን ጊዜ ነው። በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ሳልነካ ይህን እንዴት ልፈትን? ከዚያስ በየዓመቱ የሚደረግ ቋሚ ልምምድ እንዴት ላድርገው?

ሰርቨር_ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጊዜው አንሥተዋል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ሙከራውን በሥራው ኮምፒውተር ላይ አያድርጉ። ፒችትሪ ቅጂ ሲመልስ ባለው ድርጅት ላይ ልመልስ ወይስ አዲስ ድርጅት ልፍጠር ብሎ ይጠይቃል። ባለው ላይ የሚለው ከተመረጠ ከቅጂው ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። «አዲስ ድርጅት» የሚለውን እመርጣለሁ ብለው ቢያስቡም፣ ድካም ባለበት ቀን እጅ ይስታል። ስለዚህ ከኔትወርኩ የተለየና ፒችትሪ ተጭኖበት የማያውቅ ላፕቶፕ ይዋሱ። ይህ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለፈተናውም ይጠቅማል፤ እውነተኛው አደጋ በሚደርስበት ቀን በእጅዎ የሚኖረው እንዲህ ያለ ባዶ ኮምፒውተር ነውና።

የሌሊቱን ትእዛዝ እንዳለ እዚህ ቢለጥፉልን እናየዋለን። ሠራተኞቹ ማታ ሲወጡ ፒችትሪን ይዘጋሉ ወይስ ተከፍቶ ያድራል? እርሱንም ይንገሩን።

ቢት_በቢት

ነገሩን ይህን ያህል ማክበድ አያስፈልግም። የቅጂው መጠን ከዋናው ጋር እኩል ከሆነና የሁለቱ ሃሽ ከተመሳሰለ ቅጂው ትክክል ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ምንም ሳይጭኑ ማየት ይቻላል፦

```
certutil -hashfile E:\ptb\file.ptb SHA256
```

በዋናው ፋይልና ቤት ባለው ፋይል ላይ ያስኬዱት፤ የሚወጣው ረጅም ቁጥር አንድ ከሆነ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም።

ሰርቨር_ጠባቂ

ያቀረቡት ትእዛዝ ጠቃሚ ነው፤ ቤት የተቀመጠው ፋይል በመንገድ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሃሽ የሚመልሰው «ይህ ፋይል ያንን ፋይል ይመስላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። መጀመሪያ የወጣው ፋይል ራሱ የተሳሳተ ድርጅት ከሆነ፣ ወይም ግማሹ ከጎደለው፣ የጎደለው በታማኝነት ተገልብጦ ሃሹ እኩል ይሆናል። ባለመደብሩ ማወቅ የሚፈልጉት ደግሞ ከፋይሉ ተነሥቶ ደረሰኝ መቁረጥና ዱቤ መሰብሰብ ይቻል እንደሆነ ነው።

ባለመደብር_አዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
robocopy C:\Peachtree\Company\store E:\backup /MIR /R:0 /LOG:E:\log.txt
```

የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ተዘግቶ ያድራል፤ የሽያጩ ግን ጠዋት ለመፍጠን ሲባል ፒችትሪ እንደተከፈተ ያድራል። ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ነው የሚኖረው።

ሰርቨር_ጠባቂ

ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። ከባዱ የመጀመሪያው ስለሆነ እርሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ፒችትሪ መረጃውን በአንድ ፋይል ሳይሆን በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ ነው የሚያስቀምጠው። ለምሳሌ የግብይቱ ርእስ በ JRNLHDR.DAT፣ ዝርዝር መስመሮቹ በ JRNLROW.DAT ውስጥ ይገኛሉ። የሽያጩ ኮምፒውተር ተከፍቶ ካደረ ከእነዚህ ፋይሎች አንዳንዶቹ በሥራ ላይ ተይዘው ያድራሉ። ትእዛዝዎ ደግሞ በ /R:0 ምክንያት የተያዘ ፋይል ሲያጋጥመው እንደገና ሳይሞክር አልፎት ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ከጊዜ በኋላ በዲስኩ ላይ የሚገኘው፣ አንዱ ፋይል የትናንት፣ ሌላው የወር በፊት የሆነ የተደባለቀ ስብስብ ነው። የማኅደሩ መጠን ሲታይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሲከፈት ግን ወይ ስሕተት ያወጣል፣ ወይም ደግሞ ይከፈትና ሒሳቡ አይገጥምም፤ ሁለተኛው የከፋ ነው።

ይህ በእርስዎ ዘንድ መድረሱን ለማወቅ log.txt የሚለውን ፋይል ይክፈቱ። መጨረሻው ላይ ባለው ሰንጠረዥ FAILED በሚለው ዓምድ ሥር ከዜሮ በላይ ቁጥር ካለ፣ ከላይ ደግሞ ERROR 32 የሚል መስመር ካገኙ፣ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዞ ስለነበር አልተገለበጠም ማለት ነው። መዝገቡ በየሌሊቱ በአዲስ ስለሚተካ የትናንቱን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ በዲስኩ ላይ ያሉትን የ DAT ፋይሎች በተሻሻሉበት ቀን ደርድረው ይመልከቱ። ዕለት ዕለት የሚነካ ፋይል የቆየ ቀን ይዞ ከተገኘ መልሱን አገኙት።

ሁለተኛው /MIR ነው። ይህ ዲስኩን የዋናው መስታወት ያደርገዋል፤ ከዋናው አንድ ፋይል በስሕተት ቢሰረዝ በማግስቱ ከዲስኩም ይሰረዛል። ሦስተኛው፣ ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። የቅዳሜውን ቤት መውሰድዎ ትልቅ ዋጋ ያለው ስለዚህ ነው።

ጥላዬ_77

እኔም ተመሳሳይ ችግር ደርሶብኛል። የልጄ ልደት ፎቶዎች ከፍላሽ ላይ ጠፍተውብኝ በምን ፕሮግራም እንደምመልሳቸው ግራ ገብቶኛል። እዚህ የተባለው ትእዛዝ ይሠራልኝ ይሆን?

ቢት_በቢት

እህቴ፣ ወይም ወንድሜ፣ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው። እዚህ የምንነጋገረው አስቀድሞ ስለተያዘ ቅጂ ሲሆን የእርስዎ ግን ቅጂ የሌለውን የተሰረዘ ፋይል ስለመፈለግ ነው። ፍላሹ ላይ ከእንግዲህ ምንም አይጻፉበት፤ አውጥተው ያስቀምጡትና ጥያቄዎን ለብቻው ይክፈቱ፣ እዚያ እረዳዎታለሁ።

ሒሳብ_አዋቂዋ

የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ለአራት ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ከላይ ስለ ፋይሎቹ የተባለው እውነት ነው፤ እኔ ደግሞ ከሒሳብ ወገን ላክልበት። የተመለሰ መረጃ ትክክል መሆኑን ከምን ጋር አመሳክረው ሊያውቁ ነው? በሥራ ላይ ካለው ጋር እንዳያስተያዩት እርሱ ከቅጂው ወዲህ ተንቀሳቅሷል። አደጋ በደረሰ ቀን ደግሞ ከናካቴው አይኖርም። ስለዚህ እኔ ቅጂ ባወጣሁ ቁጥር በዚያው ደቂቃ አንድ ወረቀት እሞላለሁ። ወረቀቱ ላይ የትሪያል ባላንሱ ጠቅላላ ድምር፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር፣ የአንድ ትልቅ ባለዱቤ ደንበኛ ቀሪ ዕዳ፣ በብዛት የሚንቀሳቀሱ የሦስት ዕቃዎች ብዛትና የፋይሉ ሙሉ ስም ይሰፍራል። ወረቀቱ ከዲስኩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከወረቀቱ በተጨማሪ ከፒችትሪ ውጭ የሆነ ምስክር አለ፤ እርሱም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ነው። የአንድ ወር የዜድ ሪፖርት ድምር በተመለሰው መረጃ ውስጥ ካለው የዚያ ወር ሽያጭ ጋር መግጠም አለበት። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ልሳሳት እችላለሁ፤ መሣሪያው ግን መረጃውን የሚይዘው ለብቻው ነው።

ሌላም ልጨምር። ቅጂው ከራሱ ከፒችትሪ ሲወጣ ያኔ ተከፍቶ ያለውን ድርጅት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከአንድ በላይ ድርጅት ካላችሁ ለእያንዳንዱ ለብቻ መውጣት አለበት። በአዲስ እትም የወጣ ቅጂም በአሮጌ እትም አይመለስም፤ ስለዚህ እትሙን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። የይለፍ ቃሎቹም ከመረጃው ጋር ነው የሚመለሱት፤ የአስተዳዳሪውን ቃል የሚያውቀው ከሥራ የለቀቀ ሰው ብቻ ከሆነ የተመለሰው ድርጅት በር ላይ ትቆማላችሁ።

ባለመደብር_አዳማ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌሊቱን መዝገብ ከፍቼ አየሁት፤ FAILED በሚለው ሥር 7 ይላል። JRNLHDR.DAT የተሻሻለበት ቀን ከአብዛኞቹ ፋይሎች በ19 ቀን ይቀድማል። በዚህ ዲስክ ላይ ስተማመን ሦስት ዓመት አልፎኛል።

የፊታችን ቅዳሜ ሠራተኛችን ወረቀቱን ሞልታ ቅጂውን ታወጣለች፤ እሑድ ሚያዝያ 25 ልምምዱን እናደርጋለን።

ሰርቨር_ጠባቂ

መልካም ነው። እጁን የሚያንቀሳቅሰው ቅጂውን የሚያወጣው ሰው እንዳይሆን አደራ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቡ ትቀመጥ፣ ነገር ግን አትናገር፤ መናገር ግድ ያላት ቦታ ሁሉ መመሪያው ላይ የጎደለ መስመር ስለሆነ ይጻፍ። ፋይሉንም ከቤት ከመጣው ዲስክ ላይ ብቻ ይውሰዱ። ሰዓት ይያዙ፤ መነሻው «ኮምፒውተሩ ጠፍቷል» የተባለበት ቅጽበት፣ መድረሻው አንድ ደረሰኝ ታትሞ የወጣበት ቅጽበት ይሁን።

ባለመደብር_አዳማ (ሚያዝያ 26 ቀን 2018)

ልምምዱን ትናንት አደረግን። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከጠዋቱ 3:00 ጀመርን። መመሪያውን ይዛ የሠራችው የሽያጭ ሠራተኛችን ናት። መጀመሪያ የገጠማት ፒችትሪ የሚጫንበት ሲዲ ነው፤ የተዋስነው ላፕቶፕ ሲዲ ማጫወቻ የለውም። ከጎረቤት ማጫወቻ እስክናገኝ 50 ደቂቃ ሄደ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ቁጥር ተጠየቀች፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በአሮጌ ካርቶን ላይ አገኘነው። ተጭኖ ሲያበቃ 5:05 ሆኖ ነበር።

ከዚያ የመጣው ስሕተት ግን እስካሁን ያስደነግጠኛል። የቅጂዎቹ ስም በቀን ያልቃል፤ ወሩ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል፣ ዓመቱ መጨረሻ ይመጣል፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ልጅቷ በስም ከተደረደረው ዝርዝር መጨረሻ ያለውን፣ አዲሱ ይህ ነው ብላ 122725 የሚለውን መረጠች። ትክክለኛው 050226 ነበር፤ 12 ከ05 ስለሚበልጥ ያለፈው ታኅሣሥ ከዚህ ሚያዝያ በታች ተደርድሯል። ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተመልሶ ያለ አንዳች ስሕተት ተከፈተ። ደንበኞቹ አሉ፣ ዕቃዎቹ አሉ፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል። ወረቀቱን አውጥታ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ስታይ ግን ወረቀቱ 4817 ይላል፣ ኮምፒውተሩ 3962 ይላል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ሰኞ ጠዋት በታኅሣሥ መረጃ ላይ ሽያጭ እንጀምር ነበር።

ትክክለኛውን ፋይል ስትመልስ በራሷ የይለፍ ቃል ገባች፤ ነገር ግን ያ ቃል ለሽያጭ ብቻ ስለሚፈቅድ ትሪያል ባላንስ ማየት አልቻለችም። ሠራተኛችን የአስተዳዳሪውን ቃል መናገር ግድ ሆነባትና መመሪያው ላይ ጻፍነው። ድምሩ 11,482,306.40 ብር ሆኖ ከወረቀቱ ጋር በሳንቲም ገጠመ። የሲሚንቶ፣ የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮና የቆርቆሮ ብዛትም ገጠመ። የመጋቢት የዜድ ሪፖርት ድምር ግን በ2,300 ብር ይለያል፤ ምክንያቱን ገና አላገኘነውም።

በመጨረሻ ደረሰኝ ስናትም የእኛ ቅርጽ ሳይሆን የፕሮግራሙ ባዶ ቅርጽ ወጣ። ሲመለስ የድርጅቱ መረጃ የሚለው ብቻ ተመርጦ፣ የተስተካከሉ ቅርጾች የሚለው ሳጥን ምልክት ሳይደረግበት ቀርቶ ነበር። ምልክት አድርገን ደግመን መለስነውና በ7:35 ትክክለኛው ደረሰኝ ታተመ። በጠቅላላው 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ፈጅቷል።

ሒሳብ_አዋቂዋ

ድካማችሁ ፍሬ አፍርቷል። የ2,300 ብሩ ልዩነት ከመመለሱ የመጣ አይመስለኝም፤ ትሪያል ባላንሱ እስከ ሳንቲም ገጥሟልና። በመሣሪያው ተቆርጦ ፒችትሪ ውስጥ ያልገባ ደረሰኝ፣ ወይም በአንዱ በኩል ብቻ የተሰረዘ ሽያጭ ይኖራል። የመጋቢትን የየዕለቱን ዜድ ከየዕለቱ ሽያጭ ጋር አስተያዩት፤ የተለየውን ቀን ስታገኙ ደረሰኙ ይገኛል።

ስለ ፋይሉ ስም፣ ቅጂው ሲወጣ ስሙን በእጅ ለውጡት፤ ዓመቱን አስቀድማችሁ 2018-08-24 ብትሉት በስም ሲደረደር በትክክል ይሰለፋል። ስምንተኛው ወር ሚያዝያ መሆኑን ግን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ያለዚያ ሌላ ሰው ኦገስት ብሎ ያነበዋል።

ባሕር_ዳር_ክሊኒክ

በእኛ ክሊኒክ የምንጠቀመው ፕሮግራም ፒችትሪ ሳይሆን በማይኤስኪውኤል ላይ የተሠራ ነው፤ ግን የደረሰብን ይቀራረባል። ቅጂው በየሌሊቱ mysqldump በሚለው ትእዛዝ ይወጣ ነበር። አምና መልሰን ስንሞክር የታካሚዎች ዝርዝር በሙሉ ተመለሰ፣ የወሩ ሪፖርት ግን አልሠራም። ለካ ያ ትእዛዝ --routines የሚል ካልተጨመረበት በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተጻፉትን ፕሮሲጀሮች አያወጣም፤ ሪፖርቱ ደግሞ የሚሠራው በእነርሱ ነበር። መብራት የጠፋበት ሌሊት ፋይል ደግሞ ከመሐል ተቆርጦ ተገኝቷል። አሁን በየጠዋቱ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር እናያለን፤ -- Dump completed የሚለው ከሌለ ቅጂው ሙሉ አይደለም እንላለን። ይህ የዕለት ምልክት ነው እንጂ መልሶ መሞከርን አያስቀርም።

ሰርቨር_ጠባቂ

ባለመደብሩ፣ ከ4 ሰዓት ከ35 ደቂቃው ውስጥ ፋይሉን መመለስ ራሱ የወሰደው ሩብ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መሆኑን ልብ ይበሉ። የቀረው ሲዲ፣ ቁጥርና የይለፍ ቃል ፍለጋ ነው። ስለዚህ ቤት ካለው ዲስክ ጋር አንድ የታሸገ ፖስታ ያስቀምጡ፤ በውስጡ የመጫኛው ፋይል ያለበት ፍላሽ፣ የመመዝገቢያ ቁጥሩ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልና ትናንት የታረመው መመሪያ ይኑሩ። የይለፍ ቃሉ በተለወጠ ቁጥር ፖስታውም ይለወጥ።

የሌሊቱን ትእዛዝ በተመለከተ፣ የሽያጩ ኮምፒውተር ማታ ፒችትሪን መዝጋት አለበት፤ ይህ ካልሆነ የትእዛዙ መታረም ብቻ አይበቃም። ከተዘጋ በኋላ /MIR የሚለውን ትተው በሳምንቱ ቀን ስም ወደተለያዩ ሰባት ማኅደሮች እንዲገለበጥ ያድርጉ። የሚቀጥለውን ልምምድም ሐምሌ ላይ፣ ዓመቱን ከመዝጋታችሁ በፊት በምታወጡት ቅጂ ብታደርጉት እመክራለሁ፤ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ መንገዱ ያ ቅጂ ነውና።

ሒሳብ_አዋቂዋ

በዚህ አልስማማም። ሐምሌ የቆጠራና የሒሳብ መዝጊያ ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ልምምድ ይደረግ ከተባለ በየዓመቱ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ ይኖራል። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ይሻላል፤ ስሕተት ቢገኝ እንኳ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ለማረም ሁለት ወር ይኖራል። ለመዝጊያው ቅጂ ሙሉው ልምምድ ሳያስፈልግ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ሰርቨር_ጠባቂ

ይህን አጭር ሙከራ በእርግጥ የምታደርጉት ከሆነ እቀበላለሁ። ሥጋቴ ግን እንደ ትንሽ ነገር ታይቶ እንዳይቀር ነው፤ በብዙ ቦታ እንዲያ ሆኖ አይቻለሁ።

ቢት_በቢት

ሃሽ ብቻ ይበቃል ያልኩትን እተወዋለሁ፤ የታኅሣሡ ፋይል ሃሹ እኩል ይሆን ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ ቤት ያለው ዲስክ ከመደብሩ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ነው። ቅጂውን በይለፍ ቃል ቆልፎ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መስቀል አይሻልም?

ባለመደብር_አዳማ (ሚያዝያ 29 ቀን 2018)

ስለ ኢንተርኔቱ ገና አልወሰንኩም፤ የደንበኞቼ ዕዳ ዝርዝር በሌላ ቦታ መቀመጡ ያሳስበኛል፣ ቆልፌ ብሰቅለው ደግሞ የመክፈቻው ቃል ራሱ የት እንደሚቀመጥ ማሰብ አለብኝ። ልምድ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

2,300 ብሩ ተገኝቷል። መጋቢት 11 በመሣሪያው ተቆርጦ ፒችትሪ ውስጥ ያልገባ አንድ የቀለም ሽያጭ ነው። ልምምዱን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሦስተኛ እሑድ ለማድረግ ተስማምተናል፤ በሚቀጥለው ዓመት መመሪያውን ይዞ የሚሠራው የመጋዘን ጠባቂያችን ነው። የሽያጩ ኮምፒውተር ከሰኞ ጀምሮ ማታ ፒችትሪን እየዘጋ ነው፤ ዛሬ ጠዋት መዝገቡን ስከፍተው FAILED በሚለው ሥር 0 ይላል።